ደረሰኝ ያጡ ቫውቸሮች

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሰው በዕድሜው ዱቄት ነፍቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ወንፊት ያሳልፋል፣ እሷ ደግሞ ምንም አታሳልፍም። በአንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ከጀማሪነት ተነስታ የቡድን መሪ የሆነች፣ ቁጥር ሲዛባ እንደ ጥርስ ሕመም የሚጠዘጥዛት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው ኋላ ላይ ክፉ ናት የሚል ስለማይጠፋ ነው።

በዚያ ዓመት የአንድ አውቶቡስ ኩባንያ ሒሳብ ደረሳት። የሒሳብ ክፍሉ ከጋራዡ ጀርባ ነው። የተቃጠለ ዘይት ሽታ በመስኮት ይገባል፤ መካኒኮቹ የዛገ ብሎን በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ጠረጴዛው ላይ ያለው እስክሪብቶ ይንከባለላል። የተሰጣት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል የተደረደረበት ሲሆን ቁልፉ ከገንዘብ ያዡ አንገት አይወርድም።

ገንዘብ ያዡን ሾፌሮቹ «ጋሼ ሳንቲም» ይሏቸዋል። የመጨረሻዋን ሳንቲም ሳይመልሱ ሰው ከመስኮታቸው አይሸኙማ! «ይቅርብኝ ጋሼ» ቢሏቸው፣ «ይቅርብኝ የሚባለው ከራስ ኪስ ነው፣ ና ውሰድ» ብለው ይቆጣሉ። ጡረታቸው ደርሷል። እንደ ማንኛውም ገንዘብ ያዥ ዋስ ነበራቸው፤ ዋሳቸው የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ሞታባት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሚስት እንኳ ያላገቡት እሷን እንጀራ እናት እንዳትገፋብኝ ብለው ነው ይባላል። ልጅት አድጋ ፀጉር ቤት ከፈተች፣ ወለደች፣ ከባንክ ተበድራ ቤት ሠራች፣ አጎቷንም ወስዳ አንዱን ክፍል ሰጠቻቸው። ዋስ ሲያስፈልጋቸው፣ «አጎቴ የሰው ሳንቲም አይነካም» ብላ ያንኑ ቤት አስይዛ ፈረመችላቸው።

ወንፊት የጥገናና የመለዋወጫ ወጪውን ለማየት ተቀመጠች። በዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ቫውቸር፣ ማለትም የክፍያ ማዘዣ ወረቀት፣ ተከፍሏል፤ ገንዘቡ በጠቅላላ ዘጠኝ ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ነው። ሁሉን አንድ በአንድ ማየት የማይታሰብ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ስልሳ ቁጥር በዕጣ አወጣላት። ሰው ቢመርጥ ወይ ትልቁን ያነሳል ወይ እጁ የደረሰበትን፤ ዕጣ ግን ዘመድ የለውም። ከእያንዳንዱ ቫውቸር ኋላ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው ወይም ጥገናው የተጠየቀበት ወረቀት፣ ዋናው ደረሰኝ፣ ዕቃው መግባቱን ወይም ሥራው መሠራቱን ያየ ሰው ፊርማ። ሰው ነውና ይረሳል፣ አንድ ሁለት ቢጎድል ግድ የላትም።

የመጀመሪያው ሲጎድል ጋሼ ሳንቲም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ይቺን ተዪያትና ቀጥላ ያለችውን ውሰጂ። ያለፈው ኦዲተር እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ አንዷ ከጠፋች ጎረቤቷን ይወስዳል።»

«ጋሼ፣ የጎደለውን ባልጎደለ እየተካሁ ከሄድኩ በመጨረሻ እጄ ላይ የሚቀረው ሙሉው ብቻ ነው። ታዲያ ከመጀመሪያውስ ለምን መጣሁ? ያልተገኘ ያልተገኘ ነው፤ ይቆጠራል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

ከስልሳው ሃያ ሁለቱ ደረሰኝ አልነበራቸውም። ሃያ ሁለት! ወይ ጉድ! ያለፈው ኦዲተር በየዓመቱ «ምንም አልጎደለም» ብሎ የፈረመው በጎረቤት ቫውቸር ነበር ለካ።

ዕድለ ቢስ ዕጣ እንዳይሆን ብላ ሌላ ስልሳ አወጣች። አሁንም ሃያ ሦስቱ ባዶ ሆኑ። ከመቶ ሃያው አርባ አምስት። ድስቱን አማስሎ አንድ ማንኪያ የቀመሰ ሰው «ጨው በዛ» ሲል ማንኪያው ላይ ስላለው ብቻ አይደለም የሚያወራው። አርባ አምስቱም ስለ ራሳቸው ብቻ አልነበረም የሚናገሩት፤ በየመደርደሪያው ስላሉት፣ ማንም ስላላያቸው ቫውቸሮች ነበር።

ግን ምን ነበር የሚናገሩት? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ የለም ማለት ገንዘቡ ተበላ ማለት አይደለም። በረሃ መሃል ጎማው የፈነዳበት ሾፌር ለመንገድ ዳር በያጅ ከፍሎ ሲመለስ ደረሰኝ አምጣ ቢሉት ከየት ይወልደዋል? እንዲህ ያለው ግን ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ከሦስት አንዱን ሲያልፍ ነገሩ የሾፌር ጣጣ መሆኑ ቀርቶ፣ ማስረጃ ሳያይ «ይከፈል» የሚል ሰው አለ ማለት ይሆናል። ስለዚህ መቶ ሃያውን በፈቀደው ሰው ፊርማ ለያይታ ደረደረቻቸው። ሰባ ሁለቱን የፈቀደው የጋራዡ አለቃ ነው፤ ከነሱ የጎደሉት አራት ብቻ፣ አራቱም የመንገድ ላይ ብየዳ። አርባ ስምንቱን የፈቀደው ቴክኒክ ኃላፊው ነው። ከአርባ ስምንቱ አርባ አንዱ ደረሰኝ የላቸውም፤ አብዛኞቹም የጎማና የባትሪ ግዢ ናቸው። ጎማ ሻጭ ደግሞ ደረሰኝ አጥቶ አያውቅም።

ቴክኒክ ኃላፊው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ያለ ደረሰኝ ለምን ከፈሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኃላፊ ፈርሞ ይከፈል ካለ እኔ ማነኝ? ደረሰኙ ይከተላል ይለኛል። ስጠይቀው ደግሞ በሰው ፊት፣ ‹ምነው ጋሼ ሳንቲም፣ ሌባ ልትለኝ ነው?› ይለኛል። አፍሬ ዝም እላለሁ።»

«አለመክፈል ይችሉ ነበር እኮ። ደረሰኙን የሚያስመጣው አለመክፈልዎ ብቻ ነበር።»

«ጥፋቴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አልክድሽም።»

ወንፊት ይህን ሁሉ በረቂቋ ላይ ጻፈች። መጀመሪያ ግምቱን አስቀመጠች፦ የናሙናው ገንዘብ ስድስት መቶ ሺህ፣ ደረሰኝ ያጣው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ፣ ከመቶ ሠላሳ ስድስት እጅ። ያ ልክ ለዓመቱ ወጪ ቢዘረጋ ሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ገደማ ይሆናል፤ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ወጪ ትክክል ነው ብሎ መፈረም እንደማይቻል ለማሳየት። ከሥሩ ዋናውን ነገር አሰፈረች፤ ጉድለቱ በሁሉም ላይ እኩል የተበተነ ሳይሆን በአንድ ፈቃጅ ፊርማ ሥር የተከማቸ መሆኑን።

አለቃዋ ረቂቁን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ። የድርጅቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሳል የሚበዛበት፣ ለሠራተኛ ክፉ የማይናገር ሰው።

«እጅሽ ይባረክ፣ ግሩም ሥራ ነው» አለ። «ይቺ የፊርማዋ አንቀጽ ግን ከዚህ ትውጣ።»

«ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው!»

«ገባኝ። ለሥራ አስኪያጁ በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ እናስገባዋለን። ለቦርዱ የሚሄደው ሪፖርት ላይ የሰው ሚስት ወንድም ብለን ስንከስ ብንገኝ ነገ ደንበኛም የለንም፣ ፍርድ ቤትም ቆመናል።»

«ደብዳቤው የሚደርሰው ለሥራ አስኪያጁ ነው። እሱማ ምን ያደርገዋል?»

«የሚያደርገውን ያድርጋ። የኛ ሥራ መጻፍ ነው፣ ጽፈናል።»

ተከራከረች፤ ሌላ ጊዜ ከምትከራከረው ያነሰ ግን። የማኔጀርነት ዕድገቷ በዚያው ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ነበርና ምላሷ ከበዳት። «ይሁን እንግዲህ» አለች። አንቀጹ ወጣ። ቦርዱ እጅ የገባው ከመቶ ሠላሳ ስድስት እጅና ሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ የሚለው ብቻ ሆነ።

ቦርዱ ጮኸ። «ገንዘቡ የት ገባ?» ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ገንዘቡ የወጣው ከማን እጅ ነው? ከገንዘብ ያዡ» አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህስ አህያው የሚስት ወንድም ነው፣ ማን ይነካዋል!

ጋሼ ሳንቲም ወደ ኦዲት ድርጅቱ ቢሮ የመጡት በእጃቸው አንድ ወረቀት ይዘው ነው። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ። ወረቀቱ «በኦዲት የተረጋገጠ ጉድለት» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ። በሳምንት ውስጥ ካልተከፈለ ክስ ይመሠረታል፤ የዋሷም ቤት ይያዛል።

ወንፊት አነበበችና ቀና አለች።

«ይሄ ጉድለት አይደለም! ግምት ነው እኮ! እኔ ያየሁት መቶ ሃያውን ነው። የቀረውን ማንም አላየውም።»

«እኔም ለዚህ ነው የመጣሁት» አሉ። «ልጄ፣ ሁሉንም እይልኝ። የጎደለው የማን ፊርማ እንዳለበት ሁሉም ይታይልኝ። ያለ ደረሰኝ በመክፈሌ ቅጡኝ፣ ደመወዜን ቁረጡ፣ አባሩኝ። ገንዘቡን ግን አልወሰድኩም። ያሳደግኳት ልጅ ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ።»

አንጀቷን በሏት። ሰውን ባለዕዳ ለማድረግ እያንዳንዱን ቫውቸር ማየት ግድ ነው፤ ናሙና ስለ ድስቱ ይናገራል እንጂ ማን ጨው እንደጨመረ አይናገርም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ወዲያው አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«በራሴ የዕረፍት ቀን አየዋለሁ። አንድ ሳንቲም አልጠይቅም።»

«ሥራው ተዘግቷል» አለ አለቃዋ። «ደንበኛው ሳይጠራሽ ፋይሉን የምትነኪው በምን ሥልጣን ነው?»

ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለች። «እህቴ፣ ቁጥሩ ያንቺው ነው። ደግሞ የፋይሉ ክፍል ታሽጓል፤ ማስረጃ እንዳይጠፋ» አላትና ሳቀ። የክፍሉን ቁልፍ ከሽማግሌው አንገት ላይ አስወልቆ ለማን እንደሰጠው ብታውቁ ደግሞ ትስቃላችሁ። ለቴክኒክ ኃላፊው!

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰበሰበው በኩባንያው አዳራሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ የኩባንያው ጠበቃና ሁለት የቦርድ አባላት በአንድ ወገን፣ ጋሼ ሳንቲም ብቻቸውን ፊት ለፊት። የክት ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ሰርግ የተጠሩ ይመስል ቁልፉ ሁሉ ተቆልፏል። ወንፊትና አለቃዋ ለምስክርነት ተጠርተው ጎን ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህ ቁጥር የእርስዎ ነው?» አላት ጠበቃው።

«የኔ ነው። ግን ግምት ነው።»

«ግምቱ ትክክል ነው ወይስ ስህተት?»

«ለተሠራለት ጉዳይ ትክክል ነው፤ ግን አንድን ሰው ዕዳ ለማስከፈል—»

«ትክክል ነው ብለዋል። ሪፖርቱ ውስጥ ጥፋተኛው ሌላ ሰው ነው የሚል ቃል አለ?»

«ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ደብዳቤ ግን አለ።» ወደ አለቃዋ ዞረች። «ደብዳቤው ላይ አለ፣ አይደል?»

አለቃዋ ሳለ። መሐረብ አወጣ፣ አፉን ጠረገ፣ መሐረቡን አጠፈ። «ከደንበኛ ጋር የምንጻጻፈው በምስጢር የሚያዝ ነው» አለ። «ሪፖርቱ የሚለው ያለውን ነው።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ተነሳች። «አርባ አንዱ ቫውቸር የአንድ ሰው ፊርማ ነው ያለበት! ፋይሉን አስከፍቱና ዛሬውኑ እዩት!»

ከቦርዱ አንዱ ቀና አለ። የማን ፊርማ እንደሆነ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ። ያኔ ነው ጋሼ ሳንቲም የተነሱት።

«አትድከሚ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

የቦርዱ ሰውዬ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ምን?» አለች ወንፊት።

«ወስጃለሁ። ደረሰኙንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፈርሜያለሁ።»

ጠበቃው ቀድሞ የተዘጋጀውን ወረቀት ከፋይሉ አወጣ። እውነትም ፊርማቸው አለበት፤ እንደ ወትሮው የተስተካከለ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚነበብ። የቦርዱ ሰውዬ አፉን ዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ስንት ዓመት አምነነው!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ኀዘን የመሰለ ነገር ጨምሮበት። ጉዳዩ ተዘጋ።

በረንዳው ላይ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። እያለቀሰች ነበር፣ ተናዳም ነበር።

«ለምን? ለምን ዋሹ? ሰውየው ሊጠይቅ ነበር እኮ!»

«ቢጠይቅስ? የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ቴክኒክ ኃላፊው ነው። እስኪከፈት ድረስ ምን ፋይል ይቀራል?» አሉ። «ሥራ አስኪያጁና ጠበቃው ጠዋት ጠርተው አነጋገሩኝ። አምነህ ከፈረምክ የጡረታህን ገንዘብና ያጠራቀምከውን ሁሉ እንወስዳለን፣ ዋስህን እንተዋለን። ከተከራከርክ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ክሱ እስኪያልቅም ቤቷን እናሳግዳለን አሉኝ። አሥር ዓመት ይፈጃል። ባንኩስ አሥር ዓመት ይጠብቃታል?»

«ለእህትዎ ልጅ እኔ እነግራታለሁ። እሷም አውቃ ትክሰሳቸው።»

ሽማግሌው እጇን አጥብቀው ያዙ። 

«እንዳትነግሪያት። ከዚህ ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም። አውቃታለሁ፤ እውነቱን ካወቀች ዝም አትልም። ዝም ካላለች ቤቱ ይሄዳል። ሌባ ብላ ትጥላኝ፣ ግድ የለም። ማይልኝ።»

ማለችላቸው። ምን ታድርግ?

አለቃዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አመሰገናት። «ከመቶ ሃያ ቫውቸር ተነስታ ሦስት ሚሊዮን የበላ ሌባ አወጣች! ናሙና ማለት ይህ ነው! የገመተችውን ሌባው ራሱ አመነ!» ተጨበጨበ። የማኔጀርነት ደብዳቤዋም በዚያው ቀን ተሰጣት። ልትመልሰው አስባ ነበር፤ አልመለሰችውም። ብትመልሰው ለማን ምን ይጠቅማል ብላ ራሷን አሳመነች፤ ሰው ራሱን ለማሳመን መቼ ቃል ያጥረዋል!

የእህታቸው ልጅ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳ አለሽ ብለው ሲጠሯት ወንፊት ስድብ ጠበቀች፤ እንዲያውም ስድቡን ፈልጋው ነበር። ሴትየዋ ግን በእጇ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

«እህቴ፣ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት» አለች። «አንቺ ባትደርሺበት ኖሮ ቤቴን በልቶት ነበር። ልጆቼን ሜዳ ላይ ሊጥላቸው ነበር። እኔ አባቴ ነው ብዬ!»

ወንፊት መቀመጫ ሳበችላት። ሴትየዋ አልተቀመጠችም።

«አስወጣሁት» አለች። «ልብሱን በፌስታል አድርጌ በር ላይ አስቀመጥኩለት። አንዲት ቃል አልተናገረኝም፣ ታምኛለሽ? ፌስታሉን አንስቶ ሄደ። ልጆቹ አባባ የት ሄደ ሲሉኝ ሞቷል አልኳቸው። ከሌባ ሟች ይሻላል።»

«የት ነው ያሉት አሁን?»

«ምን አውቃለሁ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ዝናብ ሲመታው አየነው ያሉኝ አሉ። ይምታው።» አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።  ከዚያ ወንፊትን ቀጥ ብላ አየቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እየነሳኝ ነው። ሳንቲም የማይነካ ሰው ነበር። እርግጠኛ ነሽ አይደል? ቁጥሩ ትክክል ነው አይደል?»

ወንፊት ጠረጴዛውን ተደገፈች። ሴትየዋ እየጠበቀች ነበር፤ አንዲት ጥርጣሬ ብታይባት በሩን ከፍታ መናኸሪያ ለመሮጥ፣ ከዚያም ጠበቃ ለመያዝ፣ ከዚያም ቤቷን ለማጣት የተዘጋጀች ፊት ነበር ፊቷ።

«አዎ» አለች ወንፊት። «ቁጥሩ ትክክል ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች ሴትየዋ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ስጦታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጉንጯን ስማት ወጣች።